ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነጥቡስ?

ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ኢነርጂና ፓወር ላይ ሲደርስ ጢስ ዓባይን ሳያነሳ አያልፍም። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ አብዛኛው ተማሪም በዓይኑ አይቶታል። እኔም ለፈተና የማወጣው ጥያቄ በዚያው ዙሪያ ነው። ውሃ ከእረፍት ተነስቶ ከ45 ሜትር ከፍታ ይወድቃል፤ በየሰከንዱ የሚወርደው 12 ሜትር ኩብ ነው፤ g 10 ተብሎ ይወሰድ። ሀ) ታች እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለ) ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ሐ) የሚወርደው ውሃ ፓወር ስንት ነው? መ) ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ከዚህ 80 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጡ ስንት ሜጋ ዋት ይገኛል?

መልሶቹ 3 ሰከንድ፣ 30 ሜትር በሰከንድ፣ 5.4 ሜጋ ዋትና 4.32 ሜጋ ዋት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው የሚያውቅ ተማሪ፣ ያገኘው ቁጥር ከእውነታው የራቀ አለመሆኑን በዚያ ማመሳከር ይችላል።

ጥያቄው አሥር ነጥብ አለው። ሀ እና ለ ሁለት ሁለት፣ ሐ አራት፣ መ ሁለት። እርማት ላይ እጄን የሚይዘኝ የተሳሳተው ወረቀት አይደለም፤ የተሳሳተ ሥራ የት ላይ እንደተሳሳተ ራሱ ይናገራል። የሚያስቸግረው አራቱንም ቁጥር በትክክል ጽፎ፣ በመካከሉ አንዲት መስመር ስሌት የሌለው ወረቀት ነው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ማገላበጥ ነው። ወረቀት ውድ ስለሆነ ብዙ ተማሪ በጥያቄው ወረቀት ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይሠራና ውጤቱን ብቻ በእስክሪብቶ ወደ መልስ መስጫው ያሻግራል። ያጠፋውም ቢሆን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያጋድሉት የእርሳሱ ዱካ ይታያል። ከጀርባ የተገኘ ስሌት ሙሉ ነጥብ አለው። ለዚህ ነው የጥያቄ ወረቀቱን ከመልሱ ጋር አብሬ የምሰበስበው።

ከየትም ካልተገኘ ግን የቁጥሩን ነጥብ ብቻ እሰጣለሁ። ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ፣ በድምሩ ከአሥር አራት። ይህን የማደርገው በፈተናው ራስ ላይ «አሠራሩ ያልታየ መልስ የመጨረሻውን አንድ ነጥብ ብቻ ያገኛል» ተብሎ ከተጻፈ ነው። ካልተጻፈ የመቀነስ መብት የለኝም። ተማሪው ሕጉን ሳይነገረው ቆይቶ በእርማት ጊዜ ሊማረው አይገባም።

«ቲቸር፣ መልሱ ትክክል አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚመጣበትንም አውቃለሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሰብስቦ መፈተን ቢጀመርም፣ የሚመረጠው ያው አንድ ፊደል ነው። እንዴት ተደረሰበት የሚል ጠያቂ የለም። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪ ሳይቀር አሠራርን በአእምሮ ጨርሶ መልሱን ብቻ ማስቀመጥን እንደ ፍጥነት ይለማመደዋል። ባዶ ወረቀት ሁሉ የኩረጃ ወረቀት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። √900 ለማውጣት እስክሪብቶ የማያነሳ ልጅ ክፍል ውስጥ አለ።

በካምብሪጅ የፊዚክስ ፈተና የእርማት መመሪያ ውስጥ፣ የመጨረሻው መልስ ልክ ከሆነ መንገዱ ባይጻፍም የመንገዱ ነጥብ አብሮ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ያስኬዳል፤ ተፈታኞቹ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ በሚቀመጥበት ክፍል ግን ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ መስመሩ ብቻ ነው። እዚያው ፈተና ውስጥ ሌላም ጠቃሚ ልማድ አለ፤ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶ «ይህ መሆኑን አሳይ» የሚል ጥያቄ። ቁጥሩ ተሰጥቷልና ነጥቡ በሙሉ የሚሄደው ለመንገዱ ነው። ለ የሚለውን አንዳንዴ «ፍጥነቱ 30 ሜትር በሰከንድ መሆኑን አሳይ» ብዬ የማወጣው ከዚያ ወስጄ ነው። ከጎን ሰው ቁጥር የሚሰርቅበት ምክንያት አይኖርም፤ ሀ ላይ የተሰናከለውም ከዚህ ተነስቶ ሐን መሥራት ይችላል።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚደብቅ ሐ ላይ ይታያል። አንድ ተማሪ 12 × 10 × 45 = 5400 ይልና «5400 ኪሎ ዋት» ብሎ ይጨርሳል። ልክ ነው፤ 5.4 ሜጋ ዋት ማለት ነው። የውሃ ጥግግት የሆነው 1000 ግን የት ሄደ? ልጁ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው ብሎ በቶን አስልቶ ከሆነ፣ 1000ው «ኪሎ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ተቀምጧል፤ እንዲያውም ከሌሎቹ የላቀ ሥራ ነው። ጥግግቱን ረስቶ 5400 ካገኘ በኋላ የጎረቤቱን «ኪሎ ዋት» አይቶ ከጨመረ ደግሞ ምንም አልሠራም። ሁለቱ ወረቀቶች በፊደል አይለያዩም። P = ρgQh ብሎ ቢጀምር፣ ወይም «12 ቶን በሰከንድ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። በዚህ ጊዜ ለቁጥሩና ለመተካቱ ሁለት ነጥብ እሰጥና ለቀመሩ የሚሰጠውን ሁለት ነጥብ አቆይቼ ልጁን እጠራዋለሁ።

መመሪያዬ ላይ «በማንኛውም ትክክለኛ መንገድ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። አንዲት ተማሪ ρgQhን ሳትነካ ከለ የመጣውን 30 ወስዳ ½ × 12000 × 30² ብላ 5.4 ሚሊዮን ዋት ብታገኝ ሙሉ አራት አላት። በየሰከንዱ 12000 ኪሎ ግራም ውሃ በዚያ ፍጥነት ታች ይደርሳል፤ በሁለተኛው መንገድ የተቆጠረው ያው ኢነርጂ ነው። በሰሌዳ ከጻፍኩት ስለተለየ ብቻ «ከሌላ ቦታ የመጣ» ብሎ የሚጠረጥር አራሚ ጎበዟን ይቀጣል።

አሁን የተኮረጀ ወደሚመስለው ልምጣ። ሁለት ወረቀት በትክክለኛ መስመሮች ቢመሳሰሉ ምንም ማስረጃ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ሰሌዳ የተማሩ ናቸው፤ v² = 2gh የሚለውን በሌላ ቅርጽ ይጻፉት ማለት አልችልም። የምፈልገው የጋራ ስህተት ነው፤ ከስህተትም ስህተቱ ሳይታረም መልሱ የሚታረምበትን። በአንድ ፈተና ሁለት ተማሪዎች v² = 2 × 10 × 45 = 90 ብለው ጽፈው ቀጥለው v = 30 አሉ። የ90 ሥር 30 አይደለም፤ ዘጠኝ ተኩል ያህል ነው። ዜሮዋ ከመስመሩ ወድቃ መልሱ ላይ ተመልሳለች። አንደኛው ወረቀት ጠርዝ ላይ በትንሹ 30 × 30 = 900 የሚል ሙከራ አለ። ያ ልጅ በአእምሮው 900 ይዞ እጁ 90 እንደጻፈ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ሙከራም ስርዝም የለም፤ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነው። የሚያስብ እጅ ይሰርዛል፤ የሚገለብጥ እጅ ብዙ ጊዜ አይሰርዝም።

ሌላው ምልክት በአንዱ ወረቀት ውስጥ ራሱ የሚገኝ ነው። ተማሪው ሀ ላይ 45ን ለ10 አካፍሎ 4.5 ሰከንድ ይላል፤ ስህተት ነው። ለ ላይ v = gt ብሎ ይጀምርና 30 ይጽፋል። የራሱን 4.5 ቢጠቀም 45 ይመጣ ነበር። 45 ብሎ ቢጽፍ የለን ሁለት ነጥብ በሙሉ እሰጠው ነበር፤ አንድን ስህተት ሁለት ጊዜ አልቀጣምና። 30 ሲል ግን ቁጥሩ ከራሱ መስመር አልወጣም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ያው ልጅ ለን በv² = 2gh ጀምሮት ቢሆን 30 የራሱ ነው፤ ከ4.5 ጋር መጣረሱን አላስተዋለም እንጂ አልኮረጀም።

ይህ ሁሉ ምልክት ነው፤ ፍርድ አይደለም። ሁለት ልጆች አብረው ሲያጠኑ አንድ የተሳሳተ ማስታወሻ ተጋርተው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከሦስተኛ ወስደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬዬን በነጥብ ውስጥ አላስገባም። «ይመስላል» ብዬ ሁለት ነጥብ የቀነስኩበት ልጅ ምን ብሎ ይከራከራል? ወረቀቱን በተጻፈው ልክ አርማለሁ፤ ኩረጃውን ለብቻው አነሳለሁ፤ ከተረጋገጠ በትምህርት ቤቱ ደንብ ይሄዳል።

ማጣራቱ ረጅም አይደለም። ልጁን ለብቻው፣ ሌላው ሳይሰማ እጠራዋለሁ። «ኮርጀሃል?» ብዬ አልጀምርም፤ ያ ጥያቄ ከመሐላ በቀር የሚያመጣው የለም። ወረቀቱን አሳይቼ «እዚህ ጋ ከ90 ወደ 30 እንዴት ሄድክ?» እላለሁ። የሠራው «ውይ ቲቸር፣ 900 ነው» ይላል፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄዬን ሳልጨርስ። ዝም ካለ ሌላ እጨምራለሁ፤ «ከፍታው አራት እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ ምን ይሆናል?» የገባው ሁለት እጥፍ፣ 60 ይላል። ቀመሩን ብቻ የሸመደደው ወረቀት ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፣ 180 ተክቶ ይደርስበታል፤ እሱም ሥራ ነው። ያልሠራው 120 ይላል ወይም ዝም ይላል። ድንጋጤ እንዳይሆን ደግሞ ጊዜ እሰጣለሁ፤ ዓይን አፋር ልጅ መምህር ፊት ስሙንም ሊረሳ ይችላል። የ5400 ኪሎ ዋቱን ልጅም «1000ው የት ነው?» ብዬ ጠይቄ «ቶን ነው እኮ» ካለኝ ያቆየሁትን ሁለት ነጥብ እዚያው ፊቱ እጽፍለታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ አወጣጡ ራሱ ብዙ ያቀላል። ከፍታውን 20 ሜትር አድርጌ g 10 ብል ፍጥነቱ 20 ይወጣል፤ ከፍታውን እንዳለ የገለበጠ ልጅ ሳያውቅ ልክ ይሆናል። የውሃውን መጠን 10 ባደርገው መስመሩ ላይ ያለው 10 g ይሁን ውሃው አይለይም። 45 እና 12 የመረጥኩት ለዚህ ነው። ለአጎራባች ረድፍ ደግሞ 80 ሜትር እሰጣለሁ፤ መልሱ 4 ሰከንድና 40 ሜትር በሰከንድ ነው። 80 የተሰጠው ልጅ 30 ብሎ ከጻፈ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ረድፉ ይናገራል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አምስተኛ ክፍል ጨምሬበታለሁ። በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ይህን የጢስ ዓባይ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሠ) በፏፏቴው የሚወርደው ውሃ ከ12 ወደ 3 ሜትር ኩብ በሰከንድ ቢወርድ፣ ከሀ እስከ መ ካሉት መልሶች የማይለወጠው የትኛው ነው? ለምን? ይላል። ሀ እና ለ አይለወጡም፤ በቀመራቸው ውስጥ የውሃው መጠን የለምና። ሐ እና መ ወደ ሩብ ይወርዳሉ። ይህን የገባው ልጅ አንድ ቁጥር ሳይነካ በሁለት መስመር ይመልሰዋል፤ ከጎረቤት ቁጥር የወሰደው ግን ሁሉንም እንደገና ለማስላት ይጀምራል።