ሳይቆረጥ የሚወጣ ዓይነ ርግብ

እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» ፊልም ውስጥ ጁሊ አንድሩስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ በሥዕል በተሠራ መስክ ላይ ትንሸራሸራለች። ዛፉም፣ ሣሩም፣ አብረው የሚጨፍሩት ፔንግዊኖችም ሥዕል ናቸው። ተዋንያኑ ግን የተቀረጹት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ባዶ ስክሪን ፊት ቆመው ነው። አብዛኛው ተመልካች ዓይኑን ፔንግዊኖቹ ላይ ይጥላል። እኔን የሚያስቆመኝ ባርኔጣዋ ላይ ያለው ስስ ዓይነ ርግብ ነው። ጨርቁ ይታያል፤ በጨርቁ ውስጥ ደግሞ መስኩ ይታያል። ይህ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሚገባው፣ አንድ ጊዜ እንኳ የሙሽራ ዓይነ ርግብ ከፎቶ ላይ ለማውጣት የታገለ ሰው ነው።

ሰውን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት በመሠረቱ ለእያንዳንዷ ፒክስል አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ ይህች የሰውየው ናት ወይስ የጀርባው? ለትከሻ ወይም ለጫማ መልሱ አያስቸግርም። ዓይነ ርግብ ላይ ግን ጥያቄው ራሱ ስህተት ይሆናል። ክሮቹ ከፒክስሏ ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ አንዷ ፒክስል የክሩንም፣ በክሮቹ መካከል ያለፈውን የጀርባ ብርሃንም ቀላቅላ ትይዛለች። መጠየቅ ያለበት «የማን ናት?» ሳይሆን «ስንት እጅ የክሩ፣ ስንት እጅ የጀርባው?» ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ የብርሃኑን መጠን በቀጥታ የሚከተሉ ናቸው እንበል። አረንጓዴው ስክሪን ቀይ 30፣ አረንጓዴ 200፣ ሰማያዊ 40 ነው። የዓይነ ርግቡ ክር ነጭ ነው፤ ሦስቱም 240። ክሩ የፒክስሏን 40 በመቶ ከሸፈነ፣ ካሜራው የሚመዘግበው ቀይ 114፣ አረንጓዴ 216፣ ሰማያዊ 120 ይሆናል፤ ለዓይን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ይህችን ፒክስል እንዳለች ብናስቀራት ሙሽራዋ አረንጓዴ ጨርቅ ተከናንባ ትወጣለች። ብናጠፋት ዓይነ ርግቡ ራሱ ይጠፋል። ብዙዎች የሚሞክሩት ሦስተኛው መንገድ ፒክስሏን ማሳሳት ነው፤ እንዳለች ወስዶ 40 በመቶ ብቻ እንድትታይ ማድረግ። ከኋላዋ ቀይ 90፣ አረንጓዴ 60፣ ሰማያዊ 50 የሆነ የሸክላ ግድግዳ ብናስገባ፣ ውጤቱ 100፣ 122፣ 78 ይሆናል። ሙሽራዋ በእውነት እዚያ ግድግዳ ፊት ብትቆም ኖሮ መሆን የነበረበት ግን 150፣ 132፣ 126 ነው። ዓይነ ርግቡ ጠቆረ፣ የቅጠል መልክም ያዘ። ስለዚህ የሽፋኑን መጠን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከፒክስሏ ውስጥ የድሮውን ጀርባ ድርሻ አውጥቶ መጣል፣ የክሩን ድርሻ ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ችግሩ ፒክስሏ የምትሰጠን ሦስት ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። የምንፈልገው አራት ነው፦ የክሩ ሦስት ቀለሞችና የሽፋኑ መጠን። 114፣ 216፣ 120 ምንም ብርሃን የማያሳልፍ አረንጓዴ ጨርቅም ሊሆን ይችላል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣ ነገር ከውጭ መምጣት አለበት። ክሩ ነጭ ወይም ግራጫ መሆኑን ካወቅን መንገድ አለ። ባዶው ስክሪን ላይ አረንጓዴው ከቀዩ በ170 ይበልጣል። ዓይነ ርግቡ ላይ በ102 ብቻ ይበልጣል። ነጭ ክር ለዚህ ልዩነት የሚጨምረው ነገር ስለሌለ፣ 102 ለ170 ሲካፈል የሚገኘው 60 በመቶ ያለፈው የጀርባ ብርሃን ነው። ክሩ ወርቃማ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይዋሻል።

የ«ሜሪ ፖፒንስ» ባለሙያዎች በግምት ላይ መቆም አልፈለጉም፤ መለካት ፈለጉ። ፔትሮ ቭላሆስ የሠራበት ዘዴ ስክሪኑን በሶዲየም መብራት ያበራዋል። ሶዲየም የሚሰጠው በ589 ናኖሜትር አካባቢ ያለች እጅግ ጠባብ ቢጫ ብርሃን ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው ፕሪዝም የገባውን ብርሃን ለሁለት ፊልሞች ይከፍለዋል። አንደኛው የቀለም ፊልም ነው፤ ያቺ ቢጫ ብርሃን አትደርሰውም፤ ስለዚህ ተዋንያኑን በተለመደ ቀለማቸው፣ ስክሪኑን ግን እንደ ጥቁር ያያል። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ ፊልም ያቺን ቢጫ ብቻ ያያል።

ሁለተኛው ፊልም ላይ የሚታየው ነገር ነው የሥራው ልብ። ስክሪኑ ባዶ በሆነበት ብርሃኑ ሙሉ ነው፤ የተዋናይቱ ትከሻ በከለለው ቦታ ምንም የለም፤ ዓይነ ርግቡ ባለበት ግን ልክ ያለፈው ብርሃን ያህል ግራጫ ነው። ማንም በእጁ አልሣለውም፤ ጨርቁ ራሱ መጠኑን ጻፈ። የቀለም ፊልሙ ላይ ደግሞ የክሩ ድርሻ ብቻ፣ ከጥቁር ላይ ተነጥሎ ተቀምጧል። የተሣለው መስክ በግራጫው ልክ ይቀነሳል፣ ክሩ ይደመርበታል፤ በቃ። የክሩ ቀለም ምንም ይሁን፣ ቢጫ ቀሚስ እንኳ ቢሆን፣ ሒሳቡ አይዛባም፤ የመብራቷ ቢጫ ከቀሚስ ቢጫ ውስጥ የምትይዘው ቀጭን ሰበዝ ብቻ ነውና። ለዚህ ሥራ ቭላሆስ፣ አብ አይወርክስና ዋድስወርዝ ፖል እ.ኤ.አ. በ1965 የኦስካር ሽልማት ተቀብለዋል።

ጭስ በሕጉ ከዓይነ ርግብ አይለይም፤ በክር ፋንታ ቅንጣት ነው የሚከልለው። ነገር ግን ዳር የለውም፤ ከብዙ ወደ ምንም በቀስታ ይሳሳል። ብርሃን የማያሳልፈው 3 በመቶ ብቻ በሆነበት ቦታ ላይ የካሜራው ኖይዝ ከጭሱ ይበልጣል፤ ያንን የቆረጠ እጅ ጭሱን ጥጥ ያስመስለዋል። ለማይንቀሳቀስ ዕቃ አንድ ጥሩ መላ አለ፤ አልቪ ሬይ ስሚዝና ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1996 በጽሑፍ አስረድተውታል። ያንኑ ዕቃ በሁለት የተለያዩ ጀርባዎች ፊት ማንሳትና በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለውን ልዩነት በጀርባዎቹ ልዩነት ማካፈል ነው። ጭስ ግን ለሁለተኛው ፎቶ ቆሞ አይጠብቅም።

ብርጭቆ ከሁሉም ይከፋል፤ ሕጉን ራሱን ይጥሳልና። ንጹሕ ብርጭቆ ከኋላው ያለውን ብርሃን ከሞላ ጎደል ያሳልፋል፤ ሽፋኑ ዜሮ አካባቢ ነው። ከንፈሩ ላይ ያለችው የመስኮት ነጸብራቅ ግን ድምቀቷ ሙሉ ነው። በሽፋን መጠን ከተባዛች ትጠፋለች፤ ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ነጸብራቁን በተለየ ሌየር ያወጣውና በ`Screen` ይደርበዋል። ቀይ ብርጭቆ ደግሞ ቀዩን አሳልፎ ሰማያዊውን ይውጣል፤ አንድ ግራጫ ማስክ አይበቃውም፣ ለሦስቱ ቀለሞች ሦስት ያስፈልጋሉ። ውሃ የሞላ ክብ ብርጭቆ ከዚህም አልፎ ጀርባውን ገልብጦ ያሳያል። ይህን የትኛውም ማስክ ሊይዘው አይችልም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ጀርባውን ከየት እንደምታመጣ ራሱን የቻለ ካርታ ይጠይቃል።

የዓይነ ርግብን ሥራ ለመመዘን እኔ ጨርቁ በተደረበበት ቦታ ላይ አተኩራለሁ። አንዱ ንብርብር 60 በመቶ ካሳለፈ፣ ሁለቱ የሚያሳልፉት የ60 በመቶ 60 በመቶ፣ ማለትም 36 በመቶ ነው። መጠኑን በለካ ሥራ ጨርቁ እጥፋቱ ላይ እንዲሁ ይወፍራል፤ የጀርባው ዛፍም እዚያ ይደበዝዛል። ማስኩን በአንድ ግራጫ ብሩሽ የቀባ እጅ ግን እጥፋቱንና ነጠላውን ጨርቅ እኩል ያሳሳቸዋል። ጠርዙ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ያ ጨርቅ የተለጠፈ እንጂ የለበሰችው አይመስልም።