«ሆኖም» እና «ስለዚህ» በፈተና ድርሰት

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በማሰሪያ አንቀጹ ይዘጋል። «ያመርታል»፣ «ወደቀ» ወይም «ነው» ከመጣ ሐሳቡ አርፏል፤ «እያመረተ»፣ «ቢወድቅም» ወይም «ስለሆነ» ከመጣ ግን አንባቢው ገና የሚጠብቀው አለ። በፈተና ድርሰት ላይ ከሚታየው የሥርዓተ ነጥብ ስሕተት ብዙው የሚመነጨው ይህን ልዩነት ካለማየት ነው። ካረፈ ሐሳብ በኋላ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ይገባል። ላላረፈው ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል፤ ሐረጉ አጭር ከሆነ እሱም ሊቀር ይችላል።

«ሆኖም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» ሁልጊዜ የሚከተሉት ያረፈ ሐሳብን ነው። በመሆኑም ከፊታቸው ነጠላ ሰረዝ አይበቃም። ሁለቱ ሐሳቦች ከተቀራረቡ ድርብ ሰረዝ፣ ከተራራቁ አራት ነጥብ ይደረጋል።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ችግሩ የራሱ መልክ አለው። እዚያ ያለ ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ሊጽፍ ይችላል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ስለሆነ ነጥቡና ኮማው ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው፤ በጥድፊያ ሰዓት የላቲኑ ነጥብ አማርኛው ወረቀት ላይ ያርፋል። ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው፤ አንዴ ከተነገረ ይታረማል። የሚከብደው ከእንግሊዝኛው «ሀውኤቨር» የሚወረሰው ልማድ ነው። እንግሊዝኛው ከቃሉ ቀጥሎ ኮማ ስለሚፈልግ «ሆኖም» በተጻፈ ቁጥር ነጠላ ሰረዝ ይከተለዋል፤ አማርኛው ግን አያስፈልገውም። በዚህ በኩል አፋን ኦሮሞ የተሻለ መሪ ነው። ግሱ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ጋሩ» እንደ «ግን» ከስም በኋላ መቀመጥ ይችላል፤ «ካናፉ» የሚለውም ልክ እንደ «ስለዚህ» በውስጡ «ይህ» የሚል ጠቋሚ አለው።

አንድ የተለመደ ዓይነት አንቀጽ እንመልከት፦

«የባቱ ገበሬ ከዝዋይ ሐይቅ ውሃ እየሳበ ብዙ ሽንኩርት ያመርታል፣ ሆኖም፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል፣ ስለዚህ የሐይቁ ውሃ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሞተር ስለበዛ።»

«ያመርታል»፣ «ይወድቃል» እና «ይቀንሳል» ሦስት ያረፉ ሐሳቦች ናቸው፤ በነጠላ ሰረዝ ተጎትተው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነዋል። «ሆኖም» ቦታውን ይዟል። ቃሉ የሚለው «እሺ፣ ይሁን፤ ግን» ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ያገኛል ተብሎ ሲጠበቅ ዋጋው ወደቀ። «ስለዚህ» ግን ቦታውን ስቷል። መፈተኛው «ይህ» ወደየት እንደሚጠቁም ጣትን አሳርፎ ማሳየት ነው። ጣቱ የሚያርፈው የዋጋው መውደቅ ላይ ነው፤ የዋጋ መውደቅ ደግሞ ሐይቅ አያጎድልም። ሥርዓተ ነጥቡ ቢስተካከልም ይህ ስሕተት አይጠፋም፤ የጠፋው ምክንያት መጻፍ አለበት። መጨረሻ ላይ ያለው «ምክንያቱም ሞተር ስለበዛ» ደግሞ ማሰሪያ የለውም። «ምክንያቱም» ብሎ የጀመረ «ስለበዛ ነው» ብሎ መዝጋት ይኖርበታል።

ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«የባቱ ገበሬ ከዝዋይ ሐይቅ ውሃ እየሳበ ብዙ ሽንኩርት ያመርታል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ጉዳቱ በዋጋ አያበቃም። ውሃ የሚስበው ሞተር በዝቷል፤ ስለዚህ የሐይቁ ውሃ ይቀንሳል።»

«ግን» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ በጽሑፍ ዓረፍተ ነገር ባይጀምር ይመረጣል። የሚቀመጠው ከሚነጻጸረው ቃል ቀጥሎ ነው፤ ቦታው ሲለወጥ ትርጉሙም ይለወጣል። «ዋጋው ግን ወደቀ» ሲባል ዋጋው ከምርቱ ጋር ተነጻጽሯል። «ገበሬው ግን ከሰረ» ሲባል የሚነጻጸረው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት ደላላው። ሁለቱን ያለ ልዩነት የሚጽፍ ተማሪ ምን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ ገና አልወሰነም።

ሌላው የሚደጋገም ጥፋት «ምንም እንኳን ምርቱ ብዙ ቢሆንም ነገር ግን ዋጋው ወደቀ» ዓይነቱ ነው። «ቢሆንም» ተቃርኖውን ጨርሶታል፤ «ነገር ግን» ትርፍ ነው፤ መውጣት አለበት። ተማሪው «ነገር ግን»ን ከወደደው «ምርቱ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ወደቀ» ብሎ መጻፍ ይችላል።

ወረቀቱ ከመመለሱ በፊት በሚቀረው ጊዜ ድርሰቱን ሁሉ እንደገና ማንበብ አይቻል ይሆናል። ማሰሪያ አንቀጾቹን ብቻ በእርሳስ እያሰመሩ መውረድና ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ ያለውን ምልክት ማየት ግን ይቻላል፤ ለአንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል።