ስድስት ነን ወይስ ዘጠኝ? በመንደር 8 በኩል ያለፈች ተማሪ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ

«በዓለም ካሉ ስደተኞች ሁሉ የከፋውን ሕይወት ያሳለፍኩ ነኝ።» በእጅ የተጻፈው ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ የሚጀምረው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊዋ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከሁመራ አካባቢ ተነስታ በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገረች፣ መንደር 8 ከርማ ወደ ቱናይድባ መጠለያ የተዛወረች፣ አሁን በገዳሪፍ ከተማ የምትኖር ወጣት ናት። ደብዳቤው ለዳፊ ስኮላርሺፕ የምታስገባው ሞቲቬሽን ሌተር ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት እንዳየው የአማርኛውን ረቂቅ ሰጠችኝ፤ እንድጽፍበትም ፈቀደችልኝ። ስሟንና ማንነቷን የሚያሳብቁ ዝርዝሮችን ትቻለሁ።

ዳፊ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በአልበርት አንስታይን ስም የተሰየመ፣ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚመራ ፕሮግራም ነው። አንስታይን ራሱ ስደተኛ ነበር። ፕሮግራሙ የትምህርት ክፍያን ብቻ አይደለም የሚሸፍነው፤ ለመጻሕፍት፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለማደሪያም ያግዛል። አመልካቹ የስደተኛነት እውቅና ያገኘ መሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት መጨረስና ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሌላ አቅም የሌለው መሆን አለበት። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ከፊቱ ሌሎች ወረቀቶችም አሉት፤ የስደተኛ ምዝገባዋ አለ፣ የፈተና ውጤቷ አለ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠራች ደግሞ እዚያው የጻፈችውን እየጠቀሰ ይጠይቃታል። «ከሁሉ የከፋ» የሚለው ቃል ከእነዚህ ወረቀቶች ከየትኛውም ጋር አይመሳከርም። አንባቢው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ማመልከቻዎች ሁሉ የስደተኞች ናቸውና የሚፈልገው የዚህችን ልጅ ቤት ማየት ነው።

የደብዳቤው ግማሽ ስለ መንደር 8 ነው። የሰው ብዛት፣ ወረፋው፣ ብርዱ፣ ጭቃው ይተረካል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስፍራው ለመሸጋገሪያ ታስቦ እንጂ ለመኖሪያ አልተዘጋጀም፤ ቤቶቹም የተሠሩት በላይኛው አትባራና በሰቲት ግድቦች ምክንያት ለሚነሱ ሱዳናውያን ነበር። ነገር ግን ምሥራቅ ሱዳን ላይ የሠራ የስደተኞች ጉዳይ ባለሙያ መንደር 8ን ያውቀዋል፤ በዚያ ወቅት የተሻገረ ማንኛውም ሰው ይህንኑ ገጽ ሊጽፈው ይችላል። የእሷ የሆነው ነገር በአራተኛው አንቀጽ መካከል ተደብቆ አገኘሁት። «ወደ መጠለያ የሚወስደው አውቶቡስ ሲመጣ እናቴ አልሄድም አለች፤ አባቴ ከተሻገረ እዚህ ነው የሚፈልገን አለች» ይላል። መንደር 8 ለድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ከዘመዶቻቸው ተለያይተው የተሻገሩ ብዙዎች እዚያው መቆየት ይፈልጉ ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ግን የአንዲት እናትን ውሳኔ ያሳያል፤ ቤተሰቡ ለምን እዚያ እንደቆየ ይነግራል፤ አባት የሌለበትን ቤት ያስተዋውቃል። ስለ ወረፋውና ስለ ብርዱ የተጻፈው ወጥቶ ይህ ከፊት ቢመጣ ደብዳቤው ያለ ምንም ቅጽል ይከብድ ነበር።

ስለ አባቷ የምትለው ግን ችግር አለበት። «ጦርነቱ አባቴን ነጠቀኝ» ትላለች። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሁሉ አባቷ እንደሞቱ ይረዳል። ስጠይቃት አልሞቱም፤ መሞታቸውም መኖራቸውም አልታወቀም። በምዝገባው ላይ የእናቷ ሁኔታ «ባሏ የሞተባት» አይልም። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ይህን አይቶ ቢጠይቃት አፏ ይያዛል፤ የቀረውም ደብዳቤ አብሮ ይጠረጠራል። መሞትና መጥፋት በሕግም በሕይወትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗን ተቀምጣ ቁርጧን ታውቃለች፣ ባሏ የጠፋባት ግን ትጠብቃለች። «ከኅዳር 2013 ጀምሮ ስለ አባቴ ምንም አልሰማንም» ብትል እውነቱን ብቻ ትናገራለች፤ በእኔ ሚዛን ከ«ነጠቀኝ» የበለጠ ያማል።

ከዚህ ቀጥሎ የቤተሰቡ ብዛት ይመጣል። ደብዳቤው «ዘጠኝ ቤተሰብ ነን» ይላል። የምዝገባ ወረቀቱ ደግሞ ስድስት ይላል። መጀመሪያ እንዳየሁት እርዳታ ለማግኘት የተጨመረ ቁጥር መሰለኝ፤ ቆጥራ ስትነግረኝ ግን አንድም የተፈጠረ ሰው የለም። እናት፣ እሷና አራት ወንድምና እህቶቿ በአንድ መዝገብ ስድስት ናቸው። ሁለት የአክስቷ ልጆች ዘግይተው ስለተሻገሩ በሌላ ካርድ ተመዝግበዋል፤ የሚበሉትና የሚተኙት ግን ከእነሱ ጋር ነው። ዘጠነኛዋ ሁመራ የቀሩት አያቷ ናቸው። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ማለት ይኸው ነው፤ አያትን ከቤተሰብ ቁጥር ማውጣት ነውር ይመስላል። የስደተኛ መዝገብ ግን ራሽን የሚካፈሉትን በአንድ ካርድ ያሉ ሰዎች ነው የሚቆጥረው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ካልተብራራ ቅን ሰው ውሸታም ይመስላል። መፍትሔው ሁለት መስመር ነው፦ «በአንድ ካርድ የተመዘገብነው ስድስት ነን። በሌላ ካርድ የተመዘገቡ ሁለት የአክስቴ ልጆች አብረውን ይኖራሉ።» አያቷ ወጪው ውስጥ የሉበትምና ከዚህ ስሌት ይወጣሉ።

ገቢን በተመለከተ ደብዳቤው ራሱን ይቃረናል። በሁለተኛው ገጽ አናት «ምንም ዓይነት ገቢ የለንም» ይላል፤ ከታች ደግሞ ታላቅ ወንድሟ «በሰሊጥ አጨዳ እየሠራ» እንደሚያግዛቸው ያመሰግነዋል። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ጉልበት ያለው ሰው በአጨዳ ወቅት እርሻ ላይ እንደሚውል ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ «ምንም» የሚለው ቃል የሚታመን አይደለም። ልጅቷ የጻፈችው ግን ለማታለል አይመስለኝም። ስደተኛ ሆኖ ያደገ ልጅ በየምዝገባው ጠረጴዛ ፊት የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ትንሽ አለኝ ያለ ከዝርዝር ይሰረዛል ብሎ ይፈራል። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ አንባቢ ግን የሚመዝነው ያ ትንሽ ነገር ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይስ አያስገባም የሚለውን ነው። ወንድሟ በአጨዳው ሁለት ወር ያህል በደንብ ይሠራል፤ በቀረው ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የቀን ሥራ ያገኛል፤ የሚያገኘውም ራሽኑ ላይ ተጨምሮ ለቤተሰቡ ምግብ ይውላል፤ ለትምህርት የሚተርፍ የለም። ይህ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲጻፍ አንባቢው ራሱ ደምሮ «አይበቃም» ይላል፤ እሷ ማለት አይጠበቅባትም።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። በረቂቁ ላይ የወንድሟ የቀን ክፍያ በሱዳን ፓውንድ ተጽፏል፤ የየትኛው ወር እንደሆነ ግን አልተጠቀሰም። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ፓውንዱ እጅግ ስለወረደ ያለ ወርና ዓመት የተጻፈ ቁጥር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብዙ ገንዘብ ይመስላል፣ ወይም ምንም አይነግርም። ቁጥሩ አጠገብ ወሩን መጻፍ፣ በተጨማሪም ምን ያህል ማሽላ እንደሚገዛ መግለጽ ይሻላል።

እስካሁን ያነሳሁት የተጋነነውን ነው። ደብዳቤውን ከሁሉ በላይ የጎዳው ግን የተደበቀው ነገር ነው። «ገዳሪፍ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ» ትላለች። በዚህ አንድ መስመር የተነሳ አንባቢ «ከተማ ላይ የሚያስተምራት ዘመድ ካለ ድጋፉ ለምን ያስፈልጋታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሰዎቹ ዘመድ አይደሉም። በቤታቸው ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ልጆች ትይዛለች፤ በምትኩ ማደሪያና ምግብ ታገኛለች፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። እናቷ እንዳታፍር ብላ «ዘመድ» አለችው። ገበናን መሸፈን ያደግንበት ነው፤ አልወቅሳትም። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ «ምንም የለንም» ብላ የቤተሰቧን ችግር እስከ ጫፍ ስታሳይ፣ በጉልበቷ ከፍላ መማሯን ደበቀች። አቅም ማጣቷን ከማናቸውም በላይ የሚያስረዳው፣ ትጋቷንም አብሮ የሚያሳየው ይኸው ነበር። «በምኖርበት ቤት የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ በምትኩ ማደሪያና ምግብ አገኛለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ቀን ስለሆነ ይህን ይዤ መቀጠል አልችልም» የሚል ሦስት ሐረግ ይበቃል። መጻፍና አለመጻፉ የእሷ ምርጫ ነው፤ ካልጻፈችው ግን «ዘመድ» የሚለው ቃል መውጣት አለበት።

የቀን አጻጻፍም መታረም አለበት። ረቂቁ አንዳንዱን ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዱን በፈረንጅ ያስቀምጣል። ዘጠነኛ ክፍልን በ2012 ጨርሳ በ2020 ተሰደደች ሲባል፣ ለማያውቅ አንባቢ መካከሉ ላይ ስምንት ዓመት ይጠፋል። ሁሉም በማመልከቻው ቅጽ አቆጣጠር ይሁን። ከዚሁ ጋር «ጦርነት ሁለት ዓመት አባከነብኝ» የሚለውም መብራራት አለበት። የሱዳን የ2023 የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በጦርነቱ ምክንያት ተላልፎ የተሰጠው በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ እሷም ከተፈታኞቹ አንዷ ነበረች። ይህ የእሷ ስንፍና ወይም የተለየ መከራ አይደለም፤ የአገሪቱ ተማሪዎች ሁሉ የደረሰባቸው ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ክፍተቱ ይዘጋል። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ስትሰደድ የማታውቀውን አረብኛ ተምራ በዚያው ቋንቋ ተፈትና ያመጣችው ነው። ይህን ረቂቁ ላይ በቅንፍ ነው የጠቀሰችው። ሙሉ አንቀጽ ይገባዋል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ይህን ዕድል ካላገኘሁ ሕይወቴ ያበቃል» የሚል ነው። አንባቢውን በሕይወቷ ተጠያቂ ስለሚያደርገው ይውጣ ብያለሁ። ባትመረጥ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት አላሰበችበትም ነበር፤ ቆይታ «እዚያው ቤት እየሠራሁ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ» አለች። በቦታው ይህ ገብቷል።