ከፍርግርጉ ጀርባ የቆመች ሙሽራ

ሙሽራዋ ፎቅ ላይ ባለ በረንዳ ቆማለች። ከፊቷ ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጥቁር የብረት ፍርግርግ፣ ከኋላዋ ደግሞ ዛፍና ብሩህ ሰማይ አለ። ዛፉና ሰማዩ ጠፍተው እሷ ከነፍርግርጉ በአልበሙ ገጽ ላይ እንድትቀመጥ ተፈልጓል፤ በብረቶቹ መሐል የአልበሙ ቀለም መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ ሲመጣልኝ ብዙ ሰው ፀጉሯን ያያል። እኔ የማየው ቬሎዋ በብረቶቹ መሐል የሚያልቅበትን ቦታ ነው።

ምክንያቱም ክፍተቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዳንዱ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነው፤ ይህ መከፈት አለበት። በአንዳንዱ ቬሎ ብቻ ነው፤ ይህ ከተነካ ሙሽራዋ ተበስታለች ማለት ነው። ጎበዙን የሚለዩት ግን ግማሹ ቬሎ፣ ግማሹ ዛፍ የሆኑት ናቸው። የቬሎው ጠርዝ በሰያፍ ሲወርድ አራት አምስት ብረት ያቋርጣል። በአንዱ ብረት ግራ የገባው መስመር በቀኙ ሲወጣ አቅጣጫውን ጠብቆ መቀጠል አለበት። በየብረቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዘለለ እንደ ደረጃ ከወረደ ሠራተኛው ክፍተቶቹን አንድ በአንድ እየቆረጠ እንደሄደ ወዲያው ይታወቃል።

በደንብ የሚሠራ ሰው ሁለት ማስክ ያዘጋጃል። የመጀመሪያውን ሲሠራ ፍርግርጉ የለም ብሎ ያስባል፤ በፔን ቱል የሙሽራዋን ዙሪያ በብረቶቹ ላይ እያሳለፈ በአንድ ያልተቋረጠ መስመር ይስላል። ሁለተኛው ላይ ደግሞ ሰው የለም፤ ብረቱን ብቻ ከላይ እስከ ታች ይስላል። ከዚያ ሁለቱን ይደምራቸዋል፦ ከሁለቱ በአንዱ የተሸፈነው ሁሉ ይቀራል፣ ሁለቱም ያልሸፈኑት ብቻ ይጠፋል። የትኛው ክፍተት ይከፈት፣ የትኛው ይቅር ብሎ መጨነቅ ያኔ አያስፈልግም፤ ግማሽ ግማሽ የሆነውም ራሱ በትክክል ይከፈላል።

ቀጥሎ የብረቱን ውፍረት እለካለሁ። መለኪያው ፎቶው ውስጥ አለ፤ በቬሎው ፊት የሚያልፈው የብረት ክፍል መቀስ አልነካውም። እዚያ ላይ 14 ፒክስል የሆነ ብረት ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ 10 ከሆነ ማስኩ በልቶታል። ብሩህ ሰማይ የብረቱን ጠርዝ ስለሚያደበዝዘው የአንድ ፒክስል ልዩነት ይቅር ይባላል፣ አራት ግን አይባልም። ይህ ጥፋት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥፋት ለመሸፈን ነው፦ በብረቱ ዙሪያ የቀረውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ክር ለማጥፋት ሠራተኛው ማስኩን ወደ ውስጥ ያጠበዋል። ከወፍራም ቋሚ ላይ ሁለት ፒክስል ቢቀነስ ላይታወቅ ይችላል፤ አራት ፒክስል ከሆነ ቀጭን ጌጥ ላይ ግን ግማሹን ይወስዳል። ችግሩ ያለው ቀለሙ ላይ ነውና ቅርጹን ሳይነኩ ከብረቱ መሐል ቀለም ወስዶ ጠርዙን መቀባት ይሻላል።

ነጩ ክር ነጭ ገጽ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሥራውን ነጭ ላይ አድርጎ ለሚያሳየኝ ሰው ከሥሩ ደማቅ ቀይ ሌየር እንዲያስገባ እነግረዋለሁ፤ ቀጥሎም ጥቁር። ቀዩ ላይ የተጠማዘዙት ጌጦች ከቋሚው ጋር የተበየዱበትን ማዕዘን ልብ ብሎ ማየት ነው። እዚያ የጥፍር ጫፍ የምታክል ሦስት ማዕዘን ክፍተት አለች፤ የሰነፍ ሥራ ውስጥ የዛፉ አረንጓዴ እዚያው እንደተቀመጠ ይገኛል። ተከፍታም ቢሆን ማዕዘኖቿ ክብ ከሆኑ ሠራተኛው ቸኩሏል።

የዓይነ ርግቡ ነገር ይለያል። በክፍተቱ የሚታየው ስስ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ መቅረትም መጥፋትም የለበትም። Alt ተጭነው የማስኩን ትንሽ ምስል ጠቅ አድርገው ማስኩን ብቻ ሲያዩት እዚህ ቦታ ግራጫ መሆኑ ትክክል ነው፤ ቬሎው መሐል ላይ ግራጫ ካለ ግን ስህተት ነው፣ ታትሞ ሲመጣ የአልበሙ ቀለም በልብሷ በኩል ይታያል።

ሌንሱ ዓይኗ ላይ አነጣጥሮ ፍርግርጉ ደብዝዞ ከሆነ የብረቱ ጠርዝም መደብዘዝ አለበት። አሁንም በቬሎው ፊት ያለውን የብረት ክፍል አይቶ ማወዳደር ይቻላል፤ እዚያ ለስላሳ ሆኖ ክፍት ቦታው ላይ እንደ ምላጭ የተሳለ ከሆነ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ ከመጣ ክፍተቶቹ ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጭ፣ ተሞልተዋል፤ ፒኤንጂ ወይም ከነሌየሩ የተቀመጠውን መጠየቅ ነው።

ሰው ከሽቦ አጥር ጀርባ ቆሞ ከሆነ ግን ልኬን እለውጣለሁ። ሁለት ፒክስል የሆነን ሽቦ ማንም በፔን ቱል አይስልም፤ ሽቦውና ጀርባው በብርሃን የሚለያዩ ከሆነ ማስኩ ከቻናል ይወጣል፣ ሽቦው በሰውየው ፊት የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ በብሩሽ ይሞላል። እዚህ የማየው ሽቦዎቹ የሚጠላለፉባቸው ቦታዎች ሳይበጠሱ መቅረታቸውን ነው። ግራጫ ሽቦ በግራጫ ግድግዳ ፊት ከሆነና ሰውየው አሁንም በቅርብ ካለ ከአጥሩ አውጥቶ እንደገና ማንሳት ይረክሳል።