የዳንግላ ዝናብና አሥረኛው ቢን

የፉሪየር ትራንስፎርም በጊዜ ተራ የተመዘገበ ሲግናል ውስጥ የትኞቹ ዑደቶች እንዳሉ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚበረቱና መቼ ጫፍ ላይ እንደሚደርሱ ያሳያል። ኤፍኤፍቲ ይህንኑ ስሌት የሚያፋጥን ዘዴ ነው። ውጤቱ ቢን በሚባሉ ባለቁጥር ክፍሎች ይወጣል፤ የቢን ቁጥር ግን ራሱ ፍሪኩዌንሲ አይደለም። ቢን 10 የሚናገረው በመዝገቡ ርዝመት ውስጥ አሥር ጊዜ ስለተመላለሰ ዑደት ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው የሚገኘው እንዲህ ነው፦

```
f = k * fs / N
```

k የቢኑ ቁጥር፣ fs በአንድ የጊዜ አሃድ የተወሰዱት ናሙናዎች ብዛት፣ N የናሙናዎቹ ድምር ነው።

በአዊ ዞን የዳንግላ ወርኃዊ ዝናብ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ ዓመታዊው ዑደት አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዓመት 12 ናሙና ሆኖ የ10 ዓመት መዝገብ ቢወሰድ N 120 ይሆናል፤ በቢኖች መካከል ያለው ርቀትም በዓመት 0.1 ዑደት ነው። ቢን 0 አማካዩን ይይዛል፤ ዓመታዊው ዑደት ደግሞ ልክ ቢን 10 ላይ ያርፋል። (መዝገቡ በኢትዮጵያ ወራት ከሆነ ጳጉሜን እንደ አንድ ናሙና መቁጠር አይገባም፤ የናሙናዎቹን እኩል ርቀት ያፈርሳል።)

ስህተት የሚገባው ኤፍኤፍቲ የሁለት ርቢ የሆነ ቁጥር ይፈልጋል በሚል ልማድ 128 ወራት ሲወሰዱ ነው። ያኔ አንድ ዓመት ቢን 10.67 ላይ ይውላል፤ እንዲህ ያለ ቢን ግን የለም። ጉልበቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይፈሳል፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ቢን 11 ሲሆን እሱም የ11.6 ወር ዑደት ነው። ዝናቡ አልተፋጠነም። ምልክቱ ቢን 10ም አብሮ ማበጡ ነው። መድኃኒቱ መዝገቡን በሙሉ ዓመታት መቁረጥ ነው፤ የዛሬ ፕሮግራሞች 120ንም በፍጥነት ያሰላሉ። ዜሮ ጨምሮ ማስረዘም ቢኖቹን ያቀራርባል እንጂ፣ ከአሥር ዓመት መዝገብ በዓመት ከ0.1 ዑደት ባነሰ የሚራራቁ ሁለት ዑደቶችን ለመለየት አይረዳም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው ቢን 20 ነው። እዚያም ጉልህ ጫፍ ይታያል፤ ቸኩሎ ያነበበው ዳንግላ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አላት ሊል ይችላል። ግን የዳንግላ ክረምት አንድ ነው። ዓመታዊው ሞገድ ብቻውን ነሐሴ ላይ ከወጣ የካቲት ላይ እኩል ይወርዳልና፣ ዝናብን ከዜሮ በታች ሊያደርሰው ይችላል። የግማሽ ዓመቱ ሞገድ ይህን ያርማል፤ አንዱ ጫፉ ክረምቱን ያሾላል፣ ሌላው የበጋውን ጉድጓድ ይሞላል። ስለዚህ ቢን 20 የወቅቱን ቅርጽ እንጂ ሁለተኛ ወቅትን አይመሰክርም። ይህን ለመለየት መጠኑ ብቻውን አይበቃም፤ የቢን 10ና የቢን 20 ፌዞች አብረው መነበብ አለባቸው፣ ያም ካልሆነ ወደ ወርኃዊው ሰንጠረዥ መመለስ ያስፈልጋል።