ደብዳቤውን የሚያነበው ሦስተኛ ሰው

የካርቱሙ ሳጃና የግንባታ ዕቃ ገበያ ነው። ከአማራ ክልል በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገር የባሕር ዛፍ አጣና የሚነግድ ሰው፣ ከዚህ ዓይነት ሰፈር ነጋዴ ጋር ውሎ አድሮ ፊት ለፊት መነጋገሩ አይቀርም ነበር። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ከመጀመሩ በፊት እዚያ ባለ አንድ አስመጪ ቢሮ በደብዳቤ ጸሐፊነት እሠራ ነበር። ከኢትዮጵያ ለሚመጡ የንግድ ደንበኞች ለቪዛ የሚሆነውን የግብዣ ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

ደብዳቤው የሚላክበት ኢሜይልና ደብዳቤው ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢሜይሉ ለደንበኛው ነው፤ ሰላምታው፣ የአጣናው ውፍረትና ዋጋ፣ የሚደውልበት ስልክ እዚያ ይጻፋል። ደብዳቤው ግን አዲስ አበባ ላለው የሱዳን ኤምባሲ ነው። የድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት፣ ተቃኝቶ ከኢሜይሉ ጋር ይያያዛል። አንባቢው ጋባዡንም ተጋባዡንም የማያውቅ፣ ፓስፖርቱንና ማመልከቻውን ከደብዳቤው ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ሰው ነው። ስለዚህ የዋጋ ድርድር አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው።

ከሁሉ በፊት ስም ይመጣል። ሱዳናውያን በሰነድ ላይ እስከ አራት ትውልድ ይጠራሉ፤ ኢትዮጵያዊ ግን በሦስት ስም ያበቃል። የቢሮው ሰው «አራተኛው ስም የት አለ?» ብሎ ከደንበኛው በስልክ ጠይቆ ቢጨምር፣ በደብዳቤው ላይ ያለው ሰው በፓስፖርቱ ላይ ካለው ሰው ሌላ ሆኖ ይታያል። እኔ ስሙን በስልክ አልቀበልም ነበር። የፓስፖርቱን ቅጂ አስልኬ፣ ስሙን በላቲን ፊደሉ እንዳለ፣ ቅደም ተከተሉንም ሳልነካ እገለብጣለሁ። በዓረብኛው ጽሑፍ ውስጥም ያው የላቲን አጻጻፍ ከጎኑ ይገባል፤ «ጨ» እና «ጰ» ዓረብኛ ላይ ሲደርሱ መልካቸውን ይቀይራሉና።

ቀጥሎ ቀን ነው። አንድ የአጣና ነጋዴ «የካቲት 4 እንገናኝ» ብሎ ጻፈልን እንበል፤ ዓመቱ 2010 ነው። የካቲትን በቀጥታ ፌብሩዋሪ አድርጎ 4 ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ በአንድ ሳምንት ይስታል፤ ትክክለኛው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2018 ነው። ያ ቀን እሑድ ነበር። ለእኛ ሰው የዕረፍት ቀን ቢሆንም ካርቱም ግን የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ንግግሩ እሑድ ቢጀመር ይስማማል። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ መጻፍ ደግሞ ቀንና ወር እንዳይገለባበጡ ይጠብቃል።

ከዚያ የደብዳቤው ዋና አንቀጽ ይህን ይመስል ነበር፦

«ከላይ ስማቸውና የፓስፖርት ቁጥራቸው የተጠቀሰው ነጋዴ ከፌብሩዋሪ 11 እስከ 14 ቀን 2018 ድረስ ካርቱም በሚገኘው ቢሯችን ስለ ባሕር ዛፍ አጣና አቅርቦት ለመነጋገር እንዲመጡ ጋብዘናል። በገላባት ኬላ ፌብሩዋሪ 9 ይገባሉ፤ በዚያው ኬላ እስከ ፌብሩዋሪ 17 ይወጣሉ። የሆቴልና የምግብ ወጪያቸውን ድርጅታችን ይሸፍናል፤ የጉዞውን እሳቸው ይከፍላሉ።»

እያንዳንዱ ሐረግ ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው። መግቢያው የተጠቀሰው በየብስ የሚመጣና በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያሳየው የጉዞ ማስረጃ ስለሚለያይ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ መግለጹም ለይስሙላ አልነበረም፤ የውጭ ባንክ ካርድ ካርቱም ውስጥ ስለማይሠራ እንግዳው በያዘው ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚኖር ነበር። «ለመነጋገር» የሚለው ላይም መቆም ያስፈልጋል። «ማሽን ለመግጠም» ወይም «ሠራተኛ ለማሠልጠን» የሚል ነገር ከተጨመረ ጉዳዩ ከጉብኝት ወጥቶ የሥራ ፈቃድ ወደሚጠየቅበት ይሄዳል።

ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ስልክ የሚያነሳው ሰው ያለው መሆን አለበት። ከኤምባሲ ሲደወል የሚያነሳው ዘበኛ «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ካለ፣ ማህተሙ ምንም ያህል ቢያምር አያድንም። ስለዚህ ከመላኬ በፊት ስልክ አቅራቢያ ለሚቀመጡት ሁሉ የእንግዳውን ስምና ቀን እነግራቸው ነበር። የንግድ ፈቃዱ ቅጂም ይያያዛል፤ ፈራሚው በዚያ ፈቃድ ላይ ስሙ ያለ ወይም ውክልና የተሰጠው መሆን አለበት።

ቪዛ ከተሰጠ በኋላም ጉዳዩ አያልቅም። ሱዳን የገባ እንግዳ በሦስት ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ እዚያም ጋባዡ ይጠየቃል። ለዚህ ነበር ደንበኛው መጨረሻ ላይ «እባክህ የአጎቴን ልጅ ስም አብረህ ጨምርልኝ» ሲል የምንከለክለው። ልጁ ስለ አጣና ምንም የማያውቅ ከሆነ፣ የድርጅቱ ባለቤት ለማያውቀው ሰው መግቢያና መውጫ ዋስ ሆነ ማለት ነው። «በእናትህ» ቢባልም መልሴ አንድ ነበር፦ ንግግሩ ላይ የሚቀመጥና ምን እንደሚያደርግ በአንድ መስመር ልጽፍለት የምችለው ሰው ብቻ ይገባል።