የተዘነጋው ጭራ፦ ባለ አንድ ፊደል ቋንቋዎችና የማሽኖቻቸው ቅርጽ

ፊደሉ አንድ ብቻ በሆነ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ቃላት የሚለያዩት በርዝመታቸው ብቻ ነው። ፊደሉ a ከሆነ aaa እና aaaaa ሦስትና አምስት ከመሆናቸው በቀር ሌላ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቋንቋ የቁጥሮች ስብስብ ነው ማለት ይቻላል፤ ቋንቋውን የሚለየው አውቶማተንም ቆጣሪ ነው። ይህ ቆጣሪ በወረቀት ላይ ሲሳል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል፦ ቀጥ ያለ ጭራ፣ ከጭራውም ጫፍ የሚጀምር ቀለበት።

ምክንያቱ አጭር ነው። በቁርጥ አውቶማተን ውስጥ ከእያንዳንዱ ሁኔታ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቀስት ይወጣል። ፊደሉ አንድ ከሆነ ደግሞ የሚወጣው ቀስት በጠቅላላው አንድ ነው፤ መንገዱ የትም ቦታ አይከፈልም። ማሽኑ n ሁኔታዎች ቢኖሩት፣ n ፊደላት አንብቦ ሲጨርስ መነሻውን ጨምሮ n+1 ጊዜ ቆሟል፤ ስለዚህ ከሁኔታዎቹ ቢያንስ አንዱን ሁለት ጊዜ ረግጧል። ወደ ረገጠው ሁኔታ ከተመለሰ በኋላ ያንኑ መንገድ ከመድገም ሌላ አማራጭ የለውም። ከሚደገመው የመጀመሪያ ሁኔታ በፊት ያለው ጭራ፣ ከእርሱ ጀምሮ ያለው ቀለበት ይባላል።

የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ውጤቱ የግማሽ ገጽ መልመጃ ሆኖ ያልፋል፤ ከእርሱም የሚታወሰው «እነዚህ ቋንቋዎች ይደጋገማሉ» የሚለው ብቻ ነው። በዚህ አቀራረብ ቀለበቱ ዋናው ቤት፣ ጭራው ወደ ቤቱ የሚያስገባ መተላለፊያ ይሆናል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ መሆኑን ለማየት ከሁለት ቁጥሮች በላይ አያስፈልግም፤ 3 እና 5 ይበቃሉ።

ከ3 እና ከ5 ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያው ርዝመታቸው በ3 ወይም በ5 የሚካፈል ቃላትን ይይዛል። ማሽኑ ርዝመቱን በ15 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ቁርጡ ማሽን 15 ሁኔታዎች ያሉት ንጹሕ ቀለበት ነው፤ ጭራ የለውም። ሁለተኛው ቋንቋ ሦስቶችንና አምስቶችን በመደመር የሚገኙ ርዝመቶችን ሁሉ ይይዛል። ከ0 ተነሥቶ ሲቆጠር 0፣ 3፣ 5 እና 6 ይገባሉ፤ 1፣ 2፣ 4 እና 7 ይቀራሉ። 8 ማለት 3 እና 5 ነው፤ 9 ሦስት ሦስቶች፣ 10 ሁለት አምስቶች ናቸው። እነዚህ ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች ከተገኙ በኋላ ሦስት እየጨመሩ ወደ ማንኛውም ቀጣይ ቁጥር መድረስ ይቻላል፤ ስለዚህ ከ7 በላይ የሚቀር ቁጥር የለም። ማሽኑ ከ0 እስከ 7 ስምንት ሁኔታዎች ያሉት ጭራ ይኖረዋል፤ ቀለበቱ ግን ራሱን በራሱ የሚደግም አንድ ተቀባይ ሁኔታ ብቻ ነው።

ከሁለቱ አንደኛው ያለ ጭራ፣ ሌላኛው ለስሙ ያህል ብቻ ቀለበት ያለው ሆኖ ወጣ። በሁለተኛው ቋንቋ ሊታወቅ የሚገባው ነገር በሙሉ በጭራው ላይ ተጽፏል፤ ቀለበቱ የሚለው «ከዚህ በኋላ ሁሉም ይገባል» ብቻ ነው። ጭራው አጭር የመሰለው ቁጥሮቹ ትንሽ ስለሆኑ ነው። የጋራ አካፋይ የሌላቸው p እና q ሲወሰዱ የጭራው ርዝመት (p−1)(q−1) ይሆናል። ለ99 እና ለ100 ይህ 9702 ነው፤ ቀለበቱ ግን አሁንም አንድ ሁኔታ ነው። ይህን መተላለፊያ ብሎ መጥራት ቤቱን ሳያዩ ስለ በሩ ማውራት ነው።

ጭራው ችላ ሲባል የሚከተለው ስሕተት ማሽኑን ለማሳነስ ሲሞከር ይታያል። ማሽኑ ከዚህ በላይ ማነስ አለመቻሉን ለማወቅ ሁለት ነገሮችን ማየት ይበቃል። አንደኛ፣ የቀለበቱ የ«ይገባል» እና «አይገባም» ተራ ከራሱ ባጠረ ተራ ድግግሞሽ የተሠራ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ጭራ ካለ፣ የጭራው የመጨረሻ ሁኔታና የቀለበቱ የመጨረሻ ሁኔታ አንዱ ተቀባይ፣ ሌላው የማይቀበል መሆን አለባቸው። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ከሁለቱም የሚወጣው ቀስት ወደ አንድ ቦታ ስለሚያመራ የጭራው ጫፍ ወደ ቀለበቱ ይጠቀለላል፤ ጭራው በአንድ ያጥራል፤ ፍተሻውም እንደገና ይጀመራል። ከላይ በተነሣው ምሳሌ 7 አይገባም፣ 8 ይገባል፤ ስለዚህ ዘጠኙ ሁኔታዎች ሊቀነሱ አይችሉም።

ሌላው አድናቆት የበዛለት ነገር ሥዕሉ ራሱ ነው። ሥዕሉ ቅርጹን ያሳያል፣ መጠኑን ግን ይሸፍናል። መጠኑ የሚገለጠው አማራጭ ያለው ማሽን፣ ማለትም ከአንድ ሁኔታ በአንድ ፊደል ወደ ብዙ ሁኔታዎች መሄድ የሚችል ማሽን ሲመጣ ነው። አንድ ተቀባይ መነሻ ይኑር፤ ከእርሱም ወደ አራት ቀለበቶች ይኬድ፤ የቀለበቶቹ ርዝመት 2፣ 3፣ 5 እና 7 ይሁን። እያንዳንዱ ቀለበት በራሱ ርዝመት የማይካፈሉትን ቃላት ይቀበል። የሁኔታዎቹ ድምር 18 ነው። ይህ ማሽን ባዶውን ቃል በመነሻው ይቀበላል፤ ከዚያም ከ1 እስከ 209 ፊደል ያለውን ቃል ሁሉ ይቀበላል፤ ምክንያቱም ከአራቱ ቁጥሮች ቢያንስ አንዱ ርዝመቱን አያካፍልም። የመጀመሪያው የማይገባ ቃል 210 ፊደል አለው። ማሽኑን እስከ 100 ፊደል ፈትኖ «ሁሉንም ይቀበላል» ያለ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁርጡ ማሽን 211 ሁኔታዎች አሉት፤ 210 በቀለበቱ፣ አንዱ በጭራው። ያቺ አንዲት የጭራ ሁኔታም ትርፍ አይደለችም፤ 0 ይገባል፣ 210 አይገባም።

210 የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። የአራቱ ቀለበቶች ርዝመት ድምር የሆነውን 17ን ወደ ተደማሪዎች ከፋፍሎ የክፍሎቹ ትንሹ የጋራ ብዜት ሲወሰድ፣ ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ብዜት 210 ነው። ኤድመንድ ላንዳው ይህ ትልቁ ብዜት እንዴት እንደሚያድግ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ የማሽኖች ንድፈ ሐሳብ ገና አልተወለደም ነበር። የሚከፋፈለው ቁጥር n ሲሆን የብዜቱ ሎጋሪዝም ወደ √(n ln n) ይጠጋል። ማሬክ ክሮባክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት አማራጭ ያለው ባለ n ሁኔታ ማሽን ወደ ቁርጥ ማሽን ሲቀየር የሚያብጠው በዚሁ ልክ መሆኑን አሳየ።

ከክሮባክ ጥናት የበለጠ ሊወደድ የሚገባው ግን ስለ ቅርጽ ያለው ክፍል ነው። አማራጭ ያለው ማንኛውም ባለ አንድ ፊደል ማሽን፣ የቱንም ያህል የተወሳሰበ ቢሆን፣ ወደ አንድ መልክ ይመጣል፦ ርዝመቱ ከn² ልክ የማያልፍ ጭራ፣ በጭራው ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ምርጫ፣ ከዚያም እርስ በርስ የማይነካኩ ቀለበቶች። የቀለበቶቹ ሁኔታዎች ተደምረው ከn አይበልጡም። ውስብስቡ ሁሉ ወደ ጭራው ተገፍቶ የቀረው አንዲት ምርጫ ብቻ ነው። በማስረጃው ውስጥ የነበረ ስውር ስሕተት እ.ኤ.አ. በ2009 በአንቶኒ ቶ ተለይቶ ታርሟል፤ ውጤቱም ጸንቷል።

የሦስትና የአምስቱ ምሳሌ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ርዝመታቸው p እና q የሆነ ሁለት ቀለበቶች መነሻቸውን ሲጋሩ፣ የድምሮቹን ቋንቋ የሚቀበለው አማራጭ ያለው ማሽን p+q−1 ሁኔታዎች ብቻ አሉት፤ ለ99 እና ለ100 ይህ 198 ነው። ከእርሱ የወጣው ጭራ ግን 9702 ነበር። ስለዚህ በክሮባክ ቅርጽ ውስጥ ያለው n² የማስረጃው ልግስና ሳይሆን ቋንቋው ራሱ የሚጠይቀው ዋጋ ነው።